የዕቃው ቀለም ካላንደሩም ላይ ይለጠፍ

ሽሮና በሶ እየተምታቱባችሁ ክዳን ከፍታችሁ የምታሸቱ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ሄዳችሁ ባለቀለም ናስትሮ ግዙ። ቀይ ለበርበሬና ለቅመም፣ ቢጫ ለሽሮና ለክክ፣ አረንጓዴ ለበሶና ለቆሎ። ከዚያ በላይ ቀለም አታብዙ፣ ማንም አያስታውሰውም። ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ለጥፉ፤ ክዳን ሲታጠብ ይቀያየራላ። የደሴ ጭጋግ ሲገባ እንዳይላቀቅባችሁ መጀመሪያ ቅባቱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፣ ናስትሮውንም ዕቃው ላይ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ጫፉን በራሱ ላይ ደርቡት።

ሽሮው ሩብ ያህል ሲቀር ግድግዳው ካላንደር ላይ፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ላይ፣ ቢጫ ቁራጭ ለጥፉና ወፍጮ ቤት የሚሄደውን ሰው ስም ጻፉበት። ሰማያዊ ግን ወጥ ቤት አይግባ፤ እሱ ካላንደሩ ላይ ለዕድርና ለልጆች ፈተና ብቻ ነው።