ውዳሴ መሃል ዘው ያለች ቅሬታ፦ የሆቴል ሪቪው ሲያጠራጥር

ኮከቡን ማየት፣ የቅርብ ጊዜውን አስተያየት ማስቀደም፣ የእንግዶችን ፎቶ መመልከት። እነዚህን ታውቋቸዋላችሁና ልለፋቸው። እዚህ የማነሳው ለሰዎች ክፍል ስይዝ ደጋግሞ የሚገጥመኝን አንድ ዓይነት ሪቪው ነው። ሆቴሉን ከላይ እስከ ታች ያወድሳል። መሃል ላይ ግን ሆቴሉን የማይመለከት አንድ ቅሬታ ጣል ያደርጋል። በረራው ዘገየ፣ ዝናቡ አላስወጣን አለ፣ ታክሲው ብዙ አስከፈለን።

ግማሹ አንባቢ «ቅሬታም አለው፣ ስለዚህ ሐቀኛ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይሄ ሰው ስለ ምን እንደሚያወራ አያውቅም» ብሎ ሙሉውን ይጥለዋል። ሁለቱም ቸኩለዋል።

ምልክት፦ ጽሑፉ ውዳሴ፣ ነጥቡ ዝቅተኛ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተራ ነው። ሰውየው በሌላ ነገር ተናዶ ሆቴሉ ላይ ተወጣበት። ክፍሉን ወዶታል፣ ሠራተኞቹን አመስግኗል፣ ገንዘቡን ያዘገየበት ግን የተከፈለበት ድረ ገጽ ነው። ከ10 3 ሰጥቶ ይሄዳል።

መፍትሄው ጽሑፉን ማመንና ነጥቡን መተው ነው። እንዲህ ያለ ነጥብ የሚጎዳው አስተያየት የበዛለትን ሆቴል ሳይሆን ጥቂት የተጻፈለትን ነው። ዘጠኝ ሰው 9 ሰጥቶ አንዱ 3 ቢሰጥ አማካዩ 8.4 ይሆናል። ያንን አንዱን ብታወጡት 9 ነው። 500 ሰው አስተያየት በሰጠበት ሆቴል ግን ያው 3 አማካዩን ከ8.98 በታች አያወርደውም። ስለዚህ ሒሳቡን የምትሠሩት ለትንሹ ሆቴል ብቻ ነው።

ምልክት፦ ቅሬታው ተገድዶ የተጻፈ ይመስላል

«ያልወደድኩት? ምንም። እሺ፣ ከተማው ይሞቃል።» ይህን አትጠራጠሩት። እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ያሉ ገጾች የወደዳችሁትንና ያልወደዳችሁትን በተለያየ ሳጥን ይጠይቃሉ። ባዶ ሳጥን ያየ ሰው አንድ ነገር ካልሞላ አይተኛም። ቅሬታውን ያመጣው ፎርሙ ነው እንጂ ተንኮል አይደለም። እለፉት፤ ውዳሴውን ለብቻው መዝኑ።

ምልክት፦ ውዳሴው ልስልስ ያለ፣ ቅሬታው ማንንም የማይጎዳ

ዋናው ይህ ነው። ደጋግሜ የማየውም፣ ደጋግሞ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ትንሽ እንከን ውዳሴን እንደሚያሳምን ሻጮች ያውቃሉ። በ2012 የወጣ አንድ የሸማቾች ባህርይ ጥናትም፣ ሰዎች በጥሞና ሳያነቡ ሲቀሩ ከመልካም መረጃ በኋላ የምትመጣ ደካማ አሉታዊ ነጥብ ስሜታቸውን የበለጠ ወደ መውደድ እንደምትገፋው አሳይቷል። ዝናብን የሚያማ አስተያየት ደግሞ ለሆቴሉ ምንም አያስከፍለውም። ሐቀኝነትን በነጻ ይገዛለታል።

እንዴት ይለያል? ለማሳያ ያህል ያዘጋጀኋቸውን ሁለት አስተያየቶች እንያቸው። የመጀመሪያው፦

«ምርጥ ሆቴል! ከባለቤቴ ጋር የማይረሳ ጊዜ አሳለፍን። ሠራተኞቹ ተግባቢ፣ ክፍሉ ንጹሕና ምቹ፣ ቁርሱ ግሩም። ቅር ያለኝ ሳምንቱን ሙሉ መዝነቡ ብቻ ነው። በእርግጠኝነት እንመለሳለን!»

ሁለተኛው፦

«4ኛ ፎቅ በጓሮ በኩል ነበርን፤ የመንገድ ድምፅ አይሰማም። የሻወሩ ሙቅ ውሃ ለመምጣት ያስጠብቃል፣ ከመጣ ግን አይቋረጥም። ሻንጣችን ስላልደረሰ ሪሴፕሽን ያለው ልጅ በሌሊት ሁለት ጊዜ ደወለልን። አየር መንገዱን ግን እግዜር የእጁን ይስጠው!»

መጀመሪያ ቅሬታዋን በእጃችሁ ሸፍኗት። ከአንደኛው የሚቀረው የትኛውም ሆቴል ላይ ቢለጠፍ የሚስማማ ጽሑፍ ነው። ከሁለተኛው የሚቀረው ፎቅ፣ አቅጣጫ፣ የውሃው ጠባይና በሌሊት ሰው ያለበት ሪሴፕሽን ነው። ከሌሎች እንግዶች ጽሑፍ ጋር ልታስተያዩት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ቅሬታዋን ግለጧትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የውጭው ችግር ወደ ሆቴሉ ውስጥ ገብቷል ወይ? ሻንጣው ጠፋ፤ ችግሩ ሪሴፕሽን ድረስ መጣ፤ አንድ ሰው ስልክ አነሳ። ከሆቴሉ ጋር የማይገናኝ የመሰለው ቅሬታ ስለ ሆቴሉ ምስክር ሆነ። ዝናቡስ? ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦበት ክፍል የዋለ ሰው ስለ መስኮቱ፣ ስለ ሎቢው ወንበር፣ ስለ ዋይፋዩ ወይም ጃንጥላ ስለማግኘቱ አንዲት ቃል አይጠፋውም። ይሄኛው የትም ተቀምጦ አልዋለም።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በ2011 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ 20 የቺካጎ ሆቴሎች የተጻፉ 400 እውነተኛና 400 በክፍያ የተፈበረኩ የውዳሴ አስተያየቶችን አነጻጽረው ነበር። ፈብራኪዎቹ አብረዋቸው ስለሄዱት ሰዎችና ስለ ጉዞው ዓላማ አብዝተው ጻፉ። እውነተኞቹ ስለ ቦታው፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ፣ ስለ ክፍሉ ስፋት አወሩ። አንብበው እንዲለዩ የተጠየቁት ሰዎች ግን በዘፈቀደ ከመገመት ብዙም አልተሻሉም። በስሜት ብቻ አትተማመኑ የምለው ለዚህ ነው።

አንዴ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ክፍል ስፈልግ፣ በተቀራረቡ ቀናት የተለጠፉ ውዳሴዎች የሞሉበት ሆቴል አገኘሁ። ቅሬታቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ «የቆየንበት ጊዜ አጠረን»፣ «አየሩ ከበደን»። ስለ ደረጃም ስለ ሊፍትም አንድ የተነፈሰ የለም። ወደ ታች ስወርድ ግን አንድ ነጭናጫ የድሮ አስተያየት ተቀምጧል፤ ሊፍቱ 3ኛ ፎቅ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ በእግር ነው ይላል። ሆቴሉ ደውዬ ስጠይቅ «አዎ፣ ግን ሻንጣ እናግዛለን» አሉኝ። ሻንጣዋን ማን ጠየቃቸው!

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ልስልስ ያለ ጽሑፍ ሁሉ ውሸት አይደለም፤ እውነተኛ እንግዳም ሰነፍ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። «ውሸታም» ማለት አያስፈልጋችሁም፣ ክብደቱን ዜሮ አድርጋችሁ እለፉ። ሁለተኛ፣ ዝርዝር ሁሉ ማስረጃ አይሆንም። ሆቴሉ ራሱ በፎቶና በመግለጫ ያወጣውን ገልብጦ መጻፍ ቀላል ነው። የምትፈልጉት ማስታወቂያው ላይ የሌለውን ነው፤ ውሃው ስንት ሰዓት እንደሚቀዘቅዝ፣ የትኛው በር እንደሚንኳኳ። ማንም ማረፉን ሳያረጋግጥ መጻፍ የሚችልበት ገጽ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ትሪፕአድቫይዘር ለመጻፍ ክፍል የያዝክበትን ማስረጃ አይጠይቅም፤ ቡኪንግ ዶት ኮም ግን የሚያስጽፈው በእሱ በኩል ለያዙ ነው።

ምልክት፦ «የማይገናኘው» ቅሬታ ይደጋገማል

አንድ ሰው ታክሲው ሆቴሉን አላገኘውም ቢል የታክሲው ጣጣ ነው። በተለያየ ወር የመጡ ሦስት ሰዎች ካሉት ግን ሆቴሉ ካርታ ላይ የተቀመጠበት ነጥብ ተሳስቷል፣ ወይም መግቢያው ከኋላ ነው። ማዶ ያለ ግንባታም እንዲሁ ነው። ግንባታው የሆቴሉ አይደለም፣ ጫጫታው የሚገባው ግን በእናንተ መስኮት ነው። ከመያዛችሁ በፊት ለሆቴሉ ጻፉና በጓሮ በኩል ያለ ክፍል ጠይቁ። መልሱ «ሁሉም ክፍሎቻችን ምቹ ናቸው» ከሆነ፣ የጓሮ ክፍል እንዳልተያዘላችሁ ቁጠሩት።

አልፎ አልፎ የሚገጥም

ሰውየው ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ሆቴል ላይ ጽፎ ይሆናል። ገንዳ የሌለው ሆቴል ገንዳው ከተወደሰ በቃ፣ ዝለሉት።