አዲስ አበባ ያለው መኪናችሁ «ቶታል ሎስ» ሲባል ስብርባሪው የማን ነው?

ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው መኪና ክፉኛ ተጋጭቶ ጥገናው አያዋጣም ከተባለ ኢንሹራንሱ መኪናውን እንደጠፋ ቆጥሮ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ስብርባሪው፣ ሳልቬጅ የሚሉት፣ የኢንሹራንሱ ነው። በጨረታ ይሸጠዋል። ሁለቱንም መውሰድ አይቻልም። «ስብርባሪው ለእኔ ይቅርልኝ» ካላችሁና ኢንሹራንሱ ከተስማማ ግን የስብርባሪው ዋጋ ከካሳችሁ ይቀነሳል።

ውጭ ያሉ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፤ ላስቀረው ወይስ ልተወው? እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው። አስቀሩት ብሎ የመከራችሁ ማነው?

አሜሪካ ያለች አንዲት ወዳጄ የደረሰባትን ልንገራችሁ። መኪናዋ ኢንሹራንሱ ላይ የተመዘገበው በ1,500,000 ብር ነበር። ከጉዳቱ 50,000 ብር የራሷ ድርሻ ነው። ለስብርባሪው የተሰጠው ከፍተኛ ዋጋ 500,000 ብር ሆነ። ብትተወው 1,450,000 ብር ታገኛለች። ብታስቀረው 950,000 ብርና የተሰባበረ መኪና።

የአጎቷ ልጅ ደወለላት። «እንዴት የራስሽን መኪና ለሰው ትሰጫለሽ? የማውቀው ጋራዥ በ700,000 ብር አዲስ ያደርገዋል» አላት። ስሌቱ በስልክ ሲሰማ ያምራል። ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪናም ዕቃውም እንደሚፈለግ እሷም ታውቃለች። እሺ አለች።

መኪናው ሲፈታ ሻንሲው መጣመሙ ታየ። የባትላሜራው ዋጋ ጨመረ፣ ኤርባጉ ተጨመረ፣ ሂሳቡ 1,100,000 ብር ገባ። ከኢንሹራንሱ ካገኘችው በላይ 150,000 ብር ላከች። የተጠገነው መኪና 1,400,000 ብር ቢሸጥ እንኳ በእጇ የሚቀረው 1,250,000 ብር ነው። ብትተወው ከምታገኘው በ200,000 ብር ያንሳል።

ገንዘቡ ይቅር። የከፋው ምርመራ ላይ መጣ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። ደህናው ሞተር ወጥቶ ሌላ ገብቷል። የአጎቷ ልጅ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋራዡን ጠይቂ» አለ። ጋራዡ «የተነጋገርኩት ከእሱ ጋር ነው» አለ። ከግጭቱ በኋላ የላኩላት ፎቶዎች ሁሉ ከውጭ የተነሱ ናቸው፤ ኮፈኑ የተከፈተበት አንድም የለም።

ስለዚህ ዘመድ አትመኑ አልልም። ለጥገናው ግፊት የሚያደርገው ሰውና ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው አንድ አይሁኑ። ጋራዡን የመረጠው ዘመድ ከሆነ የሚያየውን መካኒክ እናንተ ፈልጉ። መኪናው ከኢንሹራንሱ ግቢ ሳይወጣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ተጠርጎ፣ ከሊብሬው ጎን ተደርጎ ፎቶ ይነሳ። ካምቢዮው፣ ራዲያተሩ፣ ባትሪው፣ ጎማዎቹ ተቆጥረው ርክክቡ ላይ ይጻፉ። ጋራዡ የሰጠው ዋጋ ሳይፈታ የተገመተ ከሆነ አትቁጠሩት።

ውክልናው ላይም አትሳሳቱ። ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ለመታረቅና ለመስማማት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ካሳ ተቀብሎ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብሎ መፈረምም እንዲሁ በግልጽ ተጽፎ ቢሰጥ ይሻላል። ሥልጣኑን ከፋፍሉት። ይፈርም፣ ሰነድ ያቅርብ፤ ገንዘቡ ግን በእናንተ ስም ባለ ሂሳብ ይግባ። ኤምባሲ ያረጋገጠው ውክልና አገር ቤት ደግሞ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ማለፉን አትርሱ። መኪናው የባንክ ብድር ካለበት ባንኩ ከካሳው ቀድሞ ይወስዳል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ጉዳይ ሳይጠራ ስም አይዞርም።

ማስቀረት የሚያዋጣው ሻንሲው ካልተነካ፣ ሞተሩ ደህና ከሆነና ጉዳቱ በር፣ ኮፈንና መብራት ላይ ካቆመ ነው። ሞተር የግድ የሚቀየር ከሆነ የተገዛበት ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከዕቃው ጋር ይያዝ፤ ያለዚያ ሊብሬው ላይ ማስተካከል ፈተና ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ያለበት ብረት ተቆርጦ የተበየደ መኪና ግን የተሰረቀ መኪና ጥርጣሬ ያስነሳል። እንዲህ ያለውን ጋራዥ ሳይገባ ተዉት።

ለኢንሹራንሱ ከተዋችሁት ደግሞ ሊብሬውንና ቁልፉን አስረክቦ መውጣት አይበቃም። ስሙ እስኪዞር መዝገቡ ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ገዢው ጠግኖ ሰው ቢገጭበት መጀመሪያ የሚፈለገው የእናንተ ስም ነው። የርክክቡን ደብዳቤ በማህተም ተቀበሉ፤ ጨረታው ካለቀ በኋላም ስሙ መዞሩን የሚያሳየውን ወረቀት ኮፒ ጠይቁ።