ወርቅ ቅብ ለምትሸጡ

ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች እየገዛችሁ በስልክ የምትሸጡ፣ መግለጫው ላይ መጀመሪያ የውስጡን ማዕድን ጻፉ። «18 ካራት ሀብል» ካላችሁ ገዢው ሙሉው ወርቅ ነው ብሎ ይረዳል። ካራቱ የቅቡ ብቻ ከሆነ «925 ብር፣ በ18 ካራት ወርቅ የተለበጠ» በሉ፤ 925 ማለት ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው። ክብደቱን ያለ ሣጥኑ መዝኑ። ከ12 ግራም 2ቱ ድንጋይ ከሆነ ከሠሪው ጠይቃችሁ ለያይታችሁ ጻፉ፤ ድንጋይን በወርቅ ዋጋ መሸጥ የቆየ ብልጠት ነው፣ ገዢውም ያውቀዋል።

አያያዙ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ለብር የሚመከረው ማወልወያ ቅቡን ፍቆ ያነሳዋል። ለተለበጠው «ሽቶ አይንካው፣ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጠረግ» ይበቃል። «ፈጽሞ አይለቅም» ግን አትበሉ፤ በተለይ ቀለበት ስለሚፋተግ ከጉትቻ ቀድሞ ይለቃል።