ለእህቱ ሠርግ ብርጭቆ የሚያነሣ ወንድም አጭር ንግግሩን እንዴት ያዘጋጃል?

በሐዋሳ ሠርግ ላይ ወንድም ማይክ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ምግቡ ተነሥቶ፣ ኬኩ ተቆርሶ፣ ዲጄው ጭፈራውን ሊያስጀምር በተዘጋጀባት ጠባብ ክፍተት ነው። ሙሽሮቹ ሐይቁ ዳር ፎቶ ሲነሡ ቆይተው ዘግይተው ከገቡ ይህች ክፍተት ከታሰበውም ታጥራለች፤ ሲጠብቅ የቆየው እንግዳም ትዕግሥቱ ተሟጧል። ስለዚህ ከሁለት ደቂቃ የሚያልፍ ንግግር ምንም ያህል ቢያምር ሁለተኛው አጋማሹ በወሬ ጫጫታ መዋጡ አይቀርም። ቀጥሎ የቀረበው አካሄድ የተጻፈው ለሙሽሪት ታላቅ ወንድም ቢሆንም፣ የሙሽራው ወንድም የሆነ ሰውም ሰዎቹን አለዋውጦ ሊጠቀምበት ይችላል።

1. ድርሻዎን ከሽማግሌዎቹ ድርሻ ይለዩ

በእኛ ሠርግ ምርቃት የሽማግሌዎችና የወላጆች ነው። ሽማግሌው ተነሥተው «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ሲመርቁ አዳራሹ «አሜን» ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ወንድም ተነሥቶ ያንኑ ምርቃት ቢደግመው ንግግሩ የታላላቆቹ ግልባጭ ከመሆኑም በላይ፣ በዕድሜው ያልደረሰበትን ወንበር የያዘ ያስመስለዋል። ሽማግሌዎቹ የሌላቸው፣ ወንድም ግን ያለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከሙሽሪት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደጉ ነው። ሰው ከወንድም የሚጠብቀው እዚያ ቤት ውስጥ ያየውን እንዲነግረው እንጂ እንዲመርቅለት አይደለም።

ሰላምታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለቅ። «የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ ሽማግሌዎች፣ የሁለቱም ቤተሰብ ወላጆችና እንግዶች» ማለት ይበቃል። ስም እየጠሩ ማመስገን አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ ስሙ የተዘለለ አጎትም ቢያንስ እስከ መልሱ ድረስ ቅር እንዳለው ይቆያል። የሙሽራው ቤተሰብ ቤት ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ፣ በዚያ ቋንቋ አንዲት የሰላምታ ቃል መጨመር መልካም ነው፤ አነጋገሩን ግን ቀደም ብለው ከሙሽራው ይለማመዱት።

2. አንዲት ድርጊት ብቻ ይምረጡ

የንግግሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ወንድም ወረቀት ይዞ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጽፈው «እህቴ ደግ፣ ታታሪና ሰው አክባሪ ናት» የሚል ነው። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ በዚያው ቀን በሌላ አዳራሽ ለምታገባ ሌላ ሙሽሪትም ሳይቀየር መነበብ መቻሉ ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥምዎ ይሰርዙትና «ይህን እንዳምን ያደረገኝ ምን አየሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ ቦታ ያለው፣ እህትዎ በእጇ ወይም በእግሯ አንድ ነገር ያደረገችበት፣ በአምስት ዓረፍተ ነገር ተነግሮ የሚያልቅ ድርጊት መሆን አለበት።

ለምሳሌ ያህል የመጀመሪያው ረቂቅ «እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ደፋርና ምስጢር ጠባቂ ነበረች» ይላል እንበል። ወንድምየው ምን አይቶ ይህን እንዳለ ራሱን ሲጠይቅ፣ እናታቸው ዓሣ እንዲገዙ ወደ አሞራ ገደል የላከቻቸው ቀን ትዝ ይለዋል። ቦታውን የሐዋሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዓሣ በሚበለትበት ዳርቻ አባ ኮዳዎቹ ሰው ሳይፈሩ እየተጋፉ ትርፍራፊ እንደሚጠብቁም ያውቃል፤ ስለዚህ ተናጋሪው ለመግለጫ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የመጡ እንግዶች ከበዙ ግን «ያ ትልቁ ወፍ» የሚል ሐረግ ጣል ማድረግ ነው። ድፍረቱም ምስጢር ጠባቂነቱም በክፍል 4 በሚገኘው የዚያ ቀን ታሪክ ውስጥ ስለሚታዩ ሁለቱንም ቃላት መናገር አያሻም።

ስለ ቀልድ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ ሳቁ በተናጋሪው ላይ እንጂ በሙሽሪት ላይ መውደቅ የለበትም። ቤተሰብ ለብቻው ሲሆን የሚያስቅ ታሪክ አማቶች ፊት ሲነገር ሌላ መልክ ይይዛል። የቀድሞ ፍቅረኛ፣ የገንዘብ ጉዳይ፣ የሰውነት ነገር፣ እንዲሁም የትምህርት ቤት ውጤት ፈጽሞ አይነሡ። ጥርጣሬ ካለዎት ረቂቁን ለአንዲት ሚዜዋ ያንብቡላት፤ ሚዜዋ ሳትስቅ ዝም ካለች ያንን ክፍል ያውጡት።

3. ወደ ሙሽራው ይዙሩ

ከሙሽራውም አንድ ያዩትን ነገር ብቻ ይውሰዱ፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ብዙም የማያውቁት ከሆነ እናትዎን ይጠይቁ፤ እናቶች ቤታቸው የገባን ሰው ከጫማ አወላለቁ ጀምሮ ያስተውላሉ። «ብታስከፋት ወንድሞች እንዳሏት አትርሳ» የምትለዋን የተለመደች ቀልድ ግን ባይጠቀሙባት እመርጣለሁ፤ በእርስዎ ጠረጴዛ ሳቅ ብትፈጥርም በሙሽራው እናት ጠረጴዛ ዛቻ ሆና ነው የምትሰማው።

4. ሙሉው ንግግር

ከላይ የተባለው ሁሉ ሲገጣጠም ይህን ይመስላል። የሙሽሮቹን ስም እዚህ አላስገባሁም፤ እርስዎ ግን ሁለቱንም ቤት ውስጥ በሚጠሩበት ስም ይጥሯቸው።

«የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ ሽማግሌዎች፣ የሁለቱም ቤተሰብ ወላጆችና እንግዶች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

ልጆች ሳለን እናታችን ዓሣ ገዝተን እንድንመጣ ወደ አሞራ ገደል ላከችን። እኔ 12 ዓመቴ ነበር፤ እሷ 7። ቁመቱ ትከሻዬ ጋ የሚደርስ አንድ አባ ኮዳ ወደ ፌስታላችን ሲመጣ፣ ታላቅ ወንድም የተባልኩት እኔ ፌስታሉን ጥዬ ሮጥኩ። ዞር ብዬ ሳይ እህቴ አንድ ጫማዋን አውልቃ ወፉን ታባርራለች። ዓሣውን ይዛ፣ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንድ እግሯ ባዶዋን ቤት ገባች፤ እኔ መሮጤን ግን ለማንም አልተናገረችም። እማዬ፣ ይኸው ዛሬ ሰማሽ።

ሙሽራው ወንድሜ፣ አንተን በደንብ ያወቅሁህ ሰፈራችን ውሃ በጠፋ ሰሞን ነው። ማንም ሳይጠራህ ሁለት ጀሪካን ይዘህ መጣህ፤ አንዱን ለእኛ አስገብተህ ሌላውን ለጎረቤታችን አደረስክ። እናታችን በዚያን ቀን ስለ አንተ ምንም አላለችም፤ ቡናውን ግን እንደገና አፈላች።

እህቴ፣ አንቺ ሌላው ሲሮጥ የምትቆሚ ነሽ፤ ወንድሜ፣ አንተም ሳትጠራ የምትደርስ ነህ። አንዳችሁ በፈራችሁ ቀን ሌላችሁ የምትቆሙበት ቤት እንዲሆንላችሁ እመኛለሁ። ባላችሁበት ሆናችሁ ብርጭቋችሁን አንሡልኝ። ለሙሽሮቹ!»

ይህ በእርጋታ ሲነበብ፣ ለሳቅ ከሚሰጠው ጊዜ ጋር፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሳቅ የሚመጣው «ሮጥኩ» እና «ይኸው ዛሬ ሰማሽ» የሚሉት ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ሲደርሱ ዝም ብለው ይጠብቁ፤ በሳቅ ላይ የተነገረ ዓረፍተ ነገር አይሰማም። «ተነሡ» ሳይሆን «ባላችሁበት ሆናችሁ» የተባለውም በምክንያት ነው፤ ሽማግሌዎች ባሉበት አዳራሽ ወጣት ሁሉንም ከወንበር ማስነሣቱ ደስ አይልም፤ መቆም የፈለገ ግን ራሱ ይቆማል። ብርጭቆ ካስነሡ በኋላ «በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር» ማለት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ እንግዳው ክንዱን ዘርግቶ መጠጣት እንዳለበትና እንደሌለበት ሳያውቅ ይቀራል።

5. ወይኑን ቀድመው ያስቀዱ

ንግግሩ ካለቀ በኋላ መቅዳት ከተጀመረ ስሜቱ ሁሉ ይቀዘቅዛል፤ አስተናጋጆቹ ኬኩ ሲቆረስ መቅዳት እንዲጀምሩ ከአዳራሹ ኃላፊ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ለዚህ ሥነ ሥርዓት በብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፤ አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለሰባት ሰው ይደርሳል ማለት ነው። 300 ሰው ለተጠራበት ሠርግ ወይኑን ለሙሽሮቹ፣ ለወላጆችና ለሚዜዎች ጠረጴዛ ብቻ ማድረግ፣ ሌላው እንግዳ ደግሞ ፊቱ ያለውን እንዲያነሣ መተው ያዋጣል። በሐዋሳ ሠርግ በእምነቱ ምክንያት አልኮል የማይቀምስ እንግዳ ብዙ ስለሆነ፣ ለስላሳ ወይም ጁስ የያዘው ሰው እኩል እንዲያነሣ «ብርጭቋችሁን» እንጂ «ወይናችሁን» አይበሉ። ሠርጉ መጠጥ በማይቀርብበት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ ወይኑን ጭራሹን ይተዉት፤ ንግግሩ አንዲት ቃል ሳትቀየር በጁስም ይሠራል።

የወይኑን ዓይነት በተመለከተ፣ መጠጥ ያልለመዱ ወላጆች እንደ አክሱማይት ያለውን ጣፋጭ ቀይ ወይን በቀላሉ ይቀበሉታል። ሙሽሪት አጠገብ ለሚቆም ሰው ግን ነጭ ወይን ይሻላል፤ ቀይ ወይን ቬሎ ላይ ከፈሰሰ በዚያች ምሽት የሚለቅ አይደለም።

6. ሁለት እጅ፣ ሦስት ዕቃ

ማይክ፣ ወረቀትና ብርጭቆ በአንድ ጊዜ መያዝ አይቻልም፤ ብዙዎች የሚደናገሩትም እዚህ ላይ ነው። ማይኩን በግራ እጅዎ፣ ወረቀቱን በቀኝ ይያዙ፤ ብርጭቆው እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። «እህቴ፣ አንቺ» ከሚለው ጀምሮ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች በቃልዎ አጥንተው ይምጡ። እዚያ ሲደርሱ ወረቀቱን አስቀምጠው ሙሽሮቹን እያዩ ይናገሩ፤ «ብርጭቋችሁን አንሡልኝ» ሲሉ የራስዎን በቀኝ እጅዎ ያንሡ። ማይኩ ከአፍዎ አራት ጣት ያህል ይራቅ። ወደ ድምፅ ማጉያው ፊት ከሄዱ ስለሚጮህ ከሙሽሮቹ ጠረጴዛ ጎን ሳይንቀሳቀሱ ይቁሙ።

ከተጎነጩ በኋላ ማይኩን ለመድረክ መሪው ይመልሱ፤ ከዚያ ብርጭቆዎን መጀመሪያ ከእህትዎና ከሙሽራው፣ ቀጥሎ ከሙሽራው ወላጆች ብርጭቆ ጋር ያጋጩ። ከወላጆቹ ጋር ሲያጋጩ ጎንበስ ብለው የእርስዎን ብርጭቆ ከእነሱ ዝቅ ያድርጉት።