ሐና ከሀና ስትርቅ፦ በክፍል ስም ዝርዝር ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር ስም ዝርዝር የሚደረደረው በራስ ስም ነው። ራስ ስም ሲመሳሰል በአባት ስም፣ እሱም ሲመሳሰል በአያት ስም ይለያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚል ነገር ቢያስገባም በተግባር ማንም አልያዘውም። አራት ኪሎም ሆነ ፒያሳ ባለ ትምህርት ቤት ስም የሚጠራ መምህር «ሜሮን» ብሎ ይጀምራል፤ «የተስፋዬ ልጅ» ብሎ የሚጀምር የለም። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች የሚነሱት ይህን የማያውቅ ፕሮግራም ወይም ይህን የዘነጋ ጸሐፊ ዝርዝሩን ሲነካው ነው።

ዝርዝሩ በአባት ስም ተደርድሮ ወጣ

ምልክቱ፦ የማይዛመዱ ሦስት ተማሪዎች አባቶቻቸው ሁሉ «ከበደ» ስለሆኑ ብቻ እንደ ወንድምና እህት ተከታትለው ይቀመጣሉ። ስም የሚጠራው መምህርም ራስ ስሞቹ ሲዘበራረቁበት ተማሪውን ፈልጎ ያጣል።

ምክንያቱ፦ ከውጭ የመጡ ፕሮግራሞች First name እና Last name የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሏቸው፤ ብዙዎቹ ካልነገሯቸው በቀር በሁለተኛው ይደረድራሉ። መዝጋቢው የአባትን ስም እዚያ ሲጽፍ፣ ፕሮግራሙ በየትውልዱ የሚቀየረውን ስም እንደ ዘር መጠሪያ ይቆጥረዋል።

መፍትሄው፦ ሳጥኖቹን እንደነበሩ ይተዉና አደራደሩን ይቀይሩ። በጉግል ክላስሩም የውጤት ገጽ ላይ በ First name መደርደር ይቻላል፤ በአንድሮይድ ስልክ ደግሞ የስም ማውጫው Settings ውስጥ Sort by የሚለው አለ። ራስ ስምን Last name ላይ አገላብጦ መጻፍ ቀላል መፍትሄ ይመስላል፤ ግን ፋይሉ ሌላ ቦታ በሄደ ቁጥር የልጁ ስም ይገለበጣል።

አንድ ስም ሁለት ቦታ ተገኘ

በአማርኛ ከተጻፉ ዝርዝሮች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ከኤክሴል እንዲህ ሆኖ የወጣ ዝርዝር እንውሰድ፦ ሀና ታደሰ፣ ለምለም ግርማ፣ ሐና በቀለ፣ መቅደስ ዓለሙ፣ ተስፋዬ ከበደ፣ ኃይሉ ደምሴ፣ ነጻነት በላይ።

ለጆሮ ሁለቱ ሀናዎችና ኃይሉ ጎረቤታሞች ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ የሚለውን የፊደል ገበታ ነው። ሐ የሚመጣው ከለ በኋላ ነው፤ ኀ ደግሞ ከተ እና ከቸ በኋላ፣ ከነ በፊት ይውላል። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ላይም ይኸው ይደርሳል። አስተማሪዋ «ሐና»ን ከሀ ሥር ፈልጋ ስታጣ ልጅቷ አልተመዘገበችም ትላለች፤ አንዳንዴም ድጋሚ ትመዘግባትና አንዷ ልጅ ሁለት ተራ ቁጥር ይዛ ቁጭ ትላለች።

መፍትሄው የልጁን ስም ማረም አይደለም። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ሐና» ከሆነች ሐና ትባል። የሚያስፈልገው ለመደርደር ብቻ የሚያገለግል፣ የማይታተም ተጨማሪ ዓምድ ነው። በፋይሉ ውስጥ «ፊደል» የሚባል ሁለተኛ ገጽ ይክፈቱ። በ A ዓምድ የሚተካውን ሆሄ፣ በ B ዓምድ ተተኪውን ይጻፉ፦ ሐ ወደ ሀ፣ ሑ ወደ ሁ እያሉ እስከ ሖ ይሂዱ፤ ኀን እስከ ኆ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በየሰባቱ ድምፅ ይጨርሱ። ሃ፣ ሓ እና ኃ ሁሉም ወደ ሀ፣ ኣ እና ዓ ደግሞ ወደ አ ይሄዳሉ፤ ሲነበቡ ልዩነት የላቸውምና። ጠቅላላው 37 ረድፍ ይሆናል።

በዝርዝሩ ገጽ ላይ ራስ ስም በ B፣ የአባት ስም በ C፣ የአያት ስም በ D ቢሆን፣ E2 ላይ ይህን ይጻፉ፦

```
=IFERROR(VLOOKUP(LEFT(B2,1),'ፊደል'!$A$1:$B$37,2,FALSE),LEFT(B2,1))&MID(B2,2,50)
```

ይህንኑ ወደ F2 ቢገለብጡት ለአባት ስም ይሠራል። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ተማሪ ይሳቧቸው። ከዚያ Data ከሚለው Sort ይክፈቱና መጀመሪያ በ E፣ ቀጥሎ በ F፣ ሦስተኛ በ D ይደርድሩ። ውጤቱ ሐና በቀለ፣ ሀና ታደሰ፣ ኃይሉ ደምሴ፣ ለምለም ግርማ እያለ ይወርዳል። ሁለቱ ሀናዎች በ E ላይ እኩል ስለሆኑ የለያቸው የአባት ስም ነው፤ በቀለ ከታደሰ ይቀድማል።

ቀመሩ የሚነካው የመጀመሪያውን ሆሄ ብቻ ነው። ስለዚህ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ቡድን ውስጥ ይገቡና በጥቂት ረድፍ ሊራራቁ ይችላሉ። ለአንድ ክፍል ይህ አያስቸግርም፤ ለሺህ ሰው የዕድር መዝገብ ከሆነ ግን የውስጡንም ሆሄ መተካት ያስፈልጋል።

ያለ ምክንያት ከሁሉ በላይ የወጣ ስም ካለ ከፊቱ ባዶ ቦታ አለው ማለት ነው፤ ይደምስሱት።

የአባቱ ስም «ማርያም» የሆነ ተማሪ

«ገብረ ማርያም ተስፋዬ» ተብሎ በአንድ ሳጥን የተጻፈ ስም በ Text to Columns ሲከፈል፣ ራስ ስሙ ገብረ፣ አባቱ ማርያም፣ አያቱ ተስፋዬ ይሆናል። ይህን ለማግኘት C ዓምድን አጣርተው ማርያም፣ ሥላሴ፣ እግዚአብሔር የሚሉትን ይዩ። ሚካኤልና ጊዮርጊስ ብቻቸውን የአባት ስም ሊሆኑ ስለሚችሉ እነሱን አንድ በአንድ ያጣሩ። ከመክፈልዎ በፊት ገብረ፣ ወልደ፣ ተክለ፣ ኃይለ እና ወለተ ከተከታያቸው ጋር ገጥመው ቢጻፉ ችግሩ ከመነሻው አይፈጠርም።

ምህጻሩ የባሰ ነው። «ገ/ማርያም» የሚለው ጭረት ከፊደል ሁሉ ስለሚቀድም ከገ ቡድን አናት ላይ ይወጣል፤ «ገብረማርያም» ግን ከገሊላ በታች ነው። ሁሉንም መዘርዘር ይኖርብዎታል፤ ነገር ግን በግምት አይዘርዝሩ። «ወ/ማርያም» ወልደማርያም ወይም ወለተማርያም፣ «ሃ/ማርያም» ኃይለማርያም ወይም ሀብተማርያም ሊሆን ይችላል። የልደት ወረቀቱን ወይም ወላጁን ይጠይቁ። አቶ፣ ወ/ሮ እና ዶ/ር ደግሞ የራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው፤ ካልሆነ የስልክ ማውጫው ግማሽ በአቶ ይሞላል።

አደራደሩ ምንም ሥርዓት የለውም

ስሞቹ በአማርኛ ይታያሉ፤ ሲደረደሩ ግን ቅደም ተከተላቸው ከሀሁም ከአቡጊዳም አይገጥምም። አንዱን ስም መርጠው ፎንቱን ወደ Arial ይቀይሩ። ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከተለወጠ በአሮጌ፣ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚደረድረው ከሥር ያሉትን ምልክቶች ነው። ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ ግድ ነው። አማርኛነቱን ካልቀየረ ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ውጤቱ የሌላ ልጅ ሆነ

ይህ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ የስም ዓምዱን ብቻ መርጦ መደርደር ነው። ኤክሴል ያስጠነቅቃል፤ Expand the selection የሚለውን ያልመረጠ ሰው ስሞቹን አንቀሳቅሶ ማርኮቹን በቦታቸው ይተዋቸዋል። ወዲያው ከታየ Ctrl+Z ይመልሰዋል፤ ፋይሉ ተቀምጦ ከተዘጋ ግን ከመምህሩ ደብተር መገልበጥ ነው።

ሁለተኛው፣ የአማርኛውን ዝርዝር ውጤት በእንግሊዝኛው ላይ መለጠፍ ነው። Abebe በእንግሊዝኛ አናት ላይ ነው፤ አበበ በአማርኛ ከመሀል ይገኛል፤ ስለዚህ ረድፎቹ አይገጣጠሙም። ውጤት የሚሻገረው በተማሪው መለያ ቁጥር በ VLOOKUP ነው፤ በስም አይሆንም፣ Tsehay እና Tsehaye ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸውና። በዚሁ ምክንያት በኅዳር የገባ ተማሪ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ከዝርዝሩ ግርጌ ይቆይ። መሀል ከገባ ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ ተራ ቁጥራቸው በአንድ ይገፋል፤ መምህራኑ የያዙት ማርክ ሊስት ግን በድሮው ቁጥር ነው።