ማታ ሒሳብ ሲጎድል ብሩን ደግማችሁ ከመቁጠራችሁ በፊት

ቱሉ ዲምቱ ባለችው ሱቃችን ማታ ስንዘጋ የምናደርገውን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ጠዋት ለመልስ ያስቀመጣችሁትን ዝርዝር ብር ለይታችሁ አውጡ። ከዚያ ጥሬ ብሩን፣ ቴሌብሩንና ካርዱን ለየብቻ ደምራችሁ ካሽ ሬጅስተሩ ከሚያወጣው የቀን ሽያጭ ማጠቃለያ፣ ከዜድ ሪፖርቱ ጋር አስተያዩ። የካርዱን ሽያጭ ከፖስ ማሽኑ የቀን መዝጊያ ወረቀት ላይ ውሰዱ። ባንክ የገባውን አትዩ፣ ሊዘገይ ይችላል። ከመሳቢያው ለዳቦ አምጪው የከፈላችሁት ካለም ወረቀቱ እዚያው ይቀመጥ።

በቀደም ዜድ ሪፖርቱ 18,450 ብር አለ። እጃችን ላይ ያለው ጥሬ ብር 11,300፣ ቴሌብር 4,850፣ ካርድ 1,900። ድምሩ 18,050፤ 400 ብር ጎደለ ማለት ነው። ብሩን እንደገና አልቆጠርንም። በቀጥታ የ400 ብር ደረሰኝ ፈለግን። አንድ ብቻ ተገኘ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ የተቆረጠ። በዚያ ሰዓት ሱቁ ቴሌብር ላይ ምንም አልገባም። ለካ ደንበኛው የላከው ወደ ወንድሜ የግል ቁጥር ነው፤ ሻጩ ልጅ ደግሞ ያየው የደንበኛውን ስልክ ብቻ ነበር።

አሁን የሱቁ ስልክ ላይ መልእክቱ ሳይደርስ ዕቃ አይወጣም። የግብይት ቁጥሩን የመጨረሻ ክፍልም ደረሰኙ ቀሪ ላይ በእስክሪብቶ እንጽፋለን።