የተቀመጠ ቻት ምስሉን ጥሎ «[image]» ብቻ ሲይዝ

ለAI ሞዴል የግዢ ደረሰኝ ፎቶ ተልኮ «ጠቅላላው ስንት ነው?» ሲባል ሞዴሉ በትክክል ይመልሳል። በማግስቱ ቻቱ ተከፍቶ «ቀኑስ?» ሲባል ግን ደረሰኙ ላይ የሌለ ቀን ይሰጣል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው መልእክት ሲታይ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦

```json
{"role": "user", "content": "[image] ጠቅላላው ስንት ነው?"}
```

ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ምስሉ ተቆርጦ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ሞዴሉ የሚያውቀው በየጊዜው የሚላክለትን ታሪክ ነው፤ ቀድሞ የሰጠውን መልስ ሲያነብ ፎቶው አሁንም ያለ ይመስል ቀሪውን በግምት ይሞላል። ጠቅላላውን ደግመው ቢጠይቁት ትክክል ይላል፣ መልሱ በጽሑፍ አለና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሲፈትኑ ገና ያልተነሳ ነገር ይጠይቁ።

ያስተካከልነው ምስሉን ለብቻው በፋይል በማስቀመጥ ነው። የፋይሉ ስም የምስሉ SHA-256 ሲሆን መልእክቱ ውስጥ የሚገባው ይኸው ስም ብቻ ነው። ቻቱ ሲከፈት ፋይሉ ተነቦ፣ ወደ ቤዝ64 ተቀይሮ፣ በቀድሞ ቦታው ከጥያቄው በፊት ይገባል። ፋይሉ ከጠፋ በምልክቱ ፋንታ «ምስሉ አሁን የለም፤ ስለ ይዘቱ አትገምት» ብለን እንጽፋለን። በግምት የተሰጡትን የቆዩ መልሶችም ከታሪኩ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ምስሉ ቢመለስም ሞዴሉ እነሱን ሊከተል ይችላል።